የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሻን ሲቪ ለጀርመን፦ ምን ልቁረጥ፣ ምን ልጨምር?

ሽፍት_ቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነኝ። ሌቭል 4 ጨርሼ ሲኦሲ ወስጃለሁ። ስድስት ዓመት የክር ፋብሪካ ውስጥ ሠራሁ፣ አሁን ደግሞ ዱቄት ፋብሪካ ነው ያለሁት። ጀርመን ያለ አንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ የጥገና ኤሌክትሪሻን ፈልጎ ማስታወቂያ አውጥቷል። በእንግሊዝኛ ማመልከትም ይቻላል ይላል።

ችግሬ ሲቪው ነው። ደሴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ያሠራሁት ነው፣ 4 ገጽ አለው። የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የትዳር ሁኔታ፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ "የጤና ሁኔታ ጥሩ" እያለ ይሄዳል። ቀጥሎ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ከዚያ 11 አጫጭር ሥልጠናዎች። የሥራ ልምዴ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው የሚጀምረው፣ ከድሮው ወደ አሁኑ። መጨረሻ ላይ "ከላይ የገለጽኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" ብዬ ፈርሜያለሁ።

እዚህ አገር በዚሁ ሲቪ ሁለት ጊዜ ተቀጥሬያለሁ። ለእነሱ ግን እንደሚበዛ ይሰማኛል። ያያችሁ፣ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ካናዳ_ናፋቂ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፎቶውን አውጣ። ውጭ አገር ፎቶ ያለበት ሲቪ ሳያነቡት ነው የሚጥሉት። ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የትዳር ሁኔታ ሁሉም ይውጣ። እኔ አካውንታንት ነኝ፣ ለካናዳ ሳመለክት ይህን ሳላውቅ ብዙ ጊዜ ባከነብኝ። ሌላው፣ ለአውሮፓ የግድ ዩሮፓስ በሚባለው ፎርም መሆን አለበት። እሱን ሙላና ላክ፣ አለቀ።

ሀቢብ_27
ዋናው ነገር ፒኤልሲ ፕሮግራመር ብለህ መጻፍህ ነው። የጀርመን ፋብሪካ ሁሉም ነገር አውቶማቲክ ነው። ያለ ፒኤልሲ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። እዚያ ከገባህ በኋላ ትለምደዋለህ።

ነርስ_ደሴ
እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ። ደሴ ሆስፒታል 5 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። እንግሊዝ አገር ላመልክት ነው፣ ሲቪዬን በሁለት ገጽ አድርጌዋለሁ። ሲቪ አያያዝ የሚልበት ቦታ ግን ፎርሙ ላይ አጣሁ። ኤሌክትሪሻን ወንድማችን፣ አንተ የት ላይ ነው የምታያይዘው?

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
ሽፍት_ቢ፣ እንኳን ደህና መጣህ። የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ነኝ። እዚህ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ዕቅድ አወጣለሁ። ኤሌክትሪሻን ሲቀጠር ሲቪዎቹ በእኔና በአለቃዬ እጅ ያልፋሉ። ስለዚህ የምነግርህ ሲቪው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የማየውን ነው።

ፎቶው ይቆይ፣ እመለስበታለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን በማን አቆጣጠር ነው የጻፍካቸው?

ሽፍት_ቢ
በእኛው ነው። ከ2008 እስከ 2014 ክር ፋብሪካ፣ ከ2014 እስከ አሁን ዱቄት ፋብሪካ። ትምህርቴን የጨረስኩት 2007 ነው። የልደት ቀኔን ብቻ ከፓስፖርቴ ወስጄ ሐምሌ 1996 ብያለሁ።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
ጠርጥሬ ነበር። እስቲ በአለቃዬ ዓይን አንብበው። ይህ ሰው የተወለደው በ1996 ነው። ሙያውን የጨረሰው በ2007፣ ማለትም በ11 ዓመቱ። ፋብሪካ የገባው በ2008፣ በ12 ዓመቱ። አለቃዬ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፣ ለማወቅም ጊዜ የለውም። አንድም ሲቪው ውሸት ነው ይላል፣ አንድም ይህ ሰው ጥንቃቄ የለውም ይላል። ሁለቱም ለኤሌክትሪሻን መጥፎ ነው።

ሁሉንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልስ፣ ከነወሩ። እዚህ ወርና ዓመት ነው የሚጻፈው። ዓመት ብቻ ከጻፍክ ክፍተት ልትደብቅ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ትደምራለህ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ብዙ ሰው ለሁሉም 8 ይደምርና አንድ ዓመት ይዛነፍበታል። ወሮቹን ንገረኝ፣ አብረን እንሥራው።

ሽፍት_ቢ
ትምህርት የጨረስኩት ሰኔ 2007። ክር ፋብሪካ የገባሁት ኅዳር 2008፣ በረዳትነት። ጥር 2011 የሽፍት ኤሌክትሪሻን ሆንኩ። ሥራ ያቆምኩት ጥቅምት 2014 ነው፣ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ። ዱቄት ፋብሪካው ሐምሌ 2014።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
እንግዲህ እንዲህ ይወጣል። ሰኔ 2007 ሲደመር 8፣ 06/2015። ኅዳር 2008 ሲደመር 7፣ 11/2015። ጥር 2011 ሲደመር 8፣ 01/2019። ጥቅምት 2014 ሲደመር 7፣ 10/2021። ሐምሌ 2014 ሲደመር 8፣ 07/2022። ለኅዳሩ 8 ደምረህ ቢሆን 11/2016 ይወጣ ነበር፣ አንድ ዓመት ልምድህ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን 19 ሊሞላህ ሲል ተመርቀህ በዚያው ዓመት ሥራ የገባህ ሰው ሆንክ። ከ10/2021 እስከ 07/2022 ያለውንም ክፍተት አየኸው? እሱንም እናወራለን።

ጋሽ_ፎርማን
ልጄ፣ እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጥገና ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የእኅታችን የዓመት ነገር ትክክል ነው። አንድ ልጨምር። የሥራ ልምድ ደብዳቤህም በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። ስታስተረጉመው ተርጓሚው ወይ ሳይቀይር ይተወዋል፣ ወይ በራሱ ይቀይረዋል። ከሲቪህ ጋር በአንድ ወር እንኳ ቢለያይ ጥያቄ ያስነሳል። አጠገቡ ቆመህ አስተካክል።

ሌላው፣ የእኛ አገር ደብዳቤ ምን ይላል? "ከዚህ እስከዚህ ቀን በኤሌክትሪሻንነት፣ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈለው ሠርቷል፣ የሥራ ግብር ከፍሏል።" ማኅተም፣ አለቀ። ምን እንደሠራህ አንድ ቃል የለውም።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልቤ ውስጥ ያለውን ነው የተናገሩት። እዚህ ሠራተኛ ሲለቅ የሚሰጠው ደብዳቤ ምን ምን እንደሠራና እንዴት እንደሠራ በዝርዝር ይጽፋል። ከሲቪ ጋር አብሮ ይላካል። ሽፍት_ቢ፣ ከተቻለ የአሁኑን አሠሪህን ሥራዎችህ የተዘረዘሩበት ደብዳቤ ጠይቅ። የሙያ ማረጋገጫህን እዚህ ለማስመዘን ብትፈልግም ይጠቅምሃል። የኢንዱስትሪ ሙያዎችን ኑረምበርግ ያለው አይኤችኬ ፎሳ ነው የሚመዝነው። ሥልጠናህ የጎደለው ነገር ካለ የሥራ ልምድህን ያያል፣ ልምዱ ግን በወረቀት መታየት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው። ዱቄት ፋብሪካ ምን ትሠራለህ? ሲቪህ ላይ ስንት መስመር ሰጠኸው?

ሽፍት_ቢ
አንድ መስመር። "የኤሌክትሪክ ጥገና ኃላፊነት" ይላል። የክር ፋብሪካው ትልቅ ስለሆነ እሱ ላይ ነው ግማሽ ገጽ የጻፍኩት። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ያለው ኮንቬየር፣ የወፍጮዎቹ ሞተሮችና ሁለት የማሸጊያ ማሽን ነው። የማሸጊያዎቹ ሴንሰርና ሚዛን ሲበላሽ እኔ ነኝ የምጠራው።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
ወንድሜ፣ የምታመለክተው እኮ ለምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው! ማሸጊያ፣ ኮንቬየር፣ ሚዛን፣ ሴንሰር። እነሱ የሚፈልጉት ያ በአንድ መስመር ያለፍከው ነው። ትልቅ ፋብሪካ መሥራትህ እዚህ ማንንም አያስደንቅም፣ ስሙንም አያውቁትም። የእነሱ ማሽን የሚመስል ማሽን ከፍተህ ማየትህ ነው የሚያሳስባቸው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። ከላይ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ከተማና አገር። ስምህ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል። ቀጥሎ ሁለት ሦስት መስመር ማን እንደሆንክ። ከዚያ ወዲያው የአሁኑ ሥራህ፣ ከአምስት እስከ ስድስት መስመር። ከሥሩ ክር ፋብሪካው፣ አራት መስመር። ትምህርት ከዚያ በኋላ፣ ሌቭል 4 እና ሲኦሲ ብቻ። 1ኛ ክፍል የት እንደተማርክ ማንም አይጠይቅህም።

የአሁኑን ሥራ የማስቀድምበት ሌላም ምክንያት አለ። ከ2024 መጋቢት ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ በአገሩ መንግሥት የሚታወቅ ቢያንስ የ2 ዓመት የሙያ ሥልጠና ያለው ሰው፣ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት በሙያው ከሠራና ደመወዙ ሕጉ ካስቀመጠው ወለል ካላነሰ፣ የሙያ ማረጋገጫው እዚህ ሳይመዘን መግባት የሚችልበት መንገድ አለ። ስለዚህ አሠሪው መጀመሪያ የሚያሰላው የቅርቡን አምስት ዓመት ነው። ያንተ የቅርብ ልምድ አራተኛ ገጽ ላይ ተቀብሮ ነበር።

አብዱ_ዶሃ
አሰላሙ አለይኩም የኮምቦልቻ ልጅ። እኔ ዶሃ ነኝ፣ ኤሌክትሪሻን። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። ፎቶ ይፈለጋል፣ ዜግነት ይጻፋል፣ ፓስፖርቱ እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ መንጃ ፈቃድ ካለህ፣ መቼ መጀመር እንደምትችል። ኮንትራክተሩ የሚያየው ፓነል ገጥመሃል ወይ፣ ኬብል ስበሃል ወይ፣ ስንት ኪሎዋት ሞተር ይዘሃል የሚለውን ነው። ለጀርመን የምታዘጋጀውን ሲቪ እዚህ ብትልከው ከግማሽ በላይ የሚፈልጉት የለበትም። ለእኔ አገር ከፈለግህ የክር ፋብሪካውን አስቀድም፣ ትልልቆቹ ሞተሮች እዚያ ናቸው። አብሽር፣ ሁለት ሲቪ ያዝ።

ካናዳ_ናፋቂ
ታዲያ ፎቶ አይደረግም ያልኩት ስህተት ነው?

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
ለካናዳ ልክ ነህ። ለእንግሊዝና ለአሜሪካም እንደዚያው። ጀርመን ግን መሃል ላይ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ስላለ አሠሪው ፎቶና ዕድሜ ሊያስገድድህ አይችልም። የሚያስገቡ ሰዎች ግን አሁንም ብዙ ናቸው፣ ስላስገባህ አይጥሉህም። ሃይማኖት፣ ቀበሌና "ጤናዬ ጥሩ ነው" ግን የትም አገር ቢሆን ይውጣ። እኔ ብሆን ጥሩ የስቱዲዮ ፎቶ ካለው ያስገባ እላለሁ። አለቃዬ ደግሞ ባይኖር ይሻላል ባይ ነው። በዚህ ተስማምተን አናውቅም።

ዩሮፓስም ግዴታ አይደለም። ይቀበሉታል። ሁሉንም ሣጥን ልሙላ ካልክ ግን ተመልሶ አራት ገጽ ይሆንብሃል። ሁለት ገጽ የሆነ ቀላል ሰንጠረዥ ይበቃል፣ በግራ ቀኑ፣ በቀኝ ሥራው።

ነርስ እኅቴ፣ አላለፍኩሽም። ያንቺ መንገድ ሌላ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ሆስፒታሎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ፎርም ነው የሚያስሞሉት፣ ስለዚህ የምታያይዢበትን ቦታ ማጣትሽ አይገርምም። ከማስታወቂያው ጋር "የሚፈለገው ሰው" የሚል ዝርዝር አለ። ፎርሙ ላይ ስለራስሽ ሰፋ አድርገሽ የምትጽፊበትን ቦታ በዚያ ዝርዝር ቅደም ተከተል ሙዪው፣ ነጥብ የሚሰጡት እያንዳንዱን እያዩ ነው።

ነርስ_ደሴ
አመሰግናለሁ እኅቴ። እኔማ ስንት ቀን ፈለግኩት።

ሀቢብ_27
የፒኤልሲው ነገር ላይ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

አብዱ_ዶሃ
እኔ ልመልስልህ ሀቢብ። እኔ ጻፍኩት። ሌላ ኩባንያ በቪዲዮ ጠራኝና ስክሪኑ ላይ የፒኤልሲ ፕሮግራም ሥዕል፣ ላደር የሚባለውን አወጣ። "ይህ ሞተር ለምን አይነሳም?" አለኝ። ዝም አልኩ። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቆየሁም። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ነገር እንኳ አልጠየቀኝም።

ሽፍት_ቢ
እኔ ላደር አነባለሁ። ላፕቶፕ አገናኝቼ የትኛው ኢንፑት እንደጠፋ አያለሁ፣ የተቃጠለ ሞጁልም ቀይሬያለሁ። ፕሮግራም ግን ጽፌ አላውቅም።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
በቃ፣ እንዲሁ ጻፈው። "በሲመንስ ፒኤልሲ ላይ በላፕቶፕ ብልሽት መፈለግ፣ የግቤትና ውጤት ሞጁል መቀየር።" ይህ ለጥገና ሰው በቂ ነው፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሌላ አለን። የሞዴሉንም ቁጥር ጨምርበት።

አሁን አንድ ጥያቄ። እስከ ዛሬ ካገኘሃቸው ብልሽቶች ራስህ ያገኘኸውን አንዱን ንገረኝ። በሲቪ ቋንቋ አይደለም፣ ለጓደኛህ እንደምታወራው።

ሽፍት_ቢ
ክር ፋብሪካ አንድ ሪንግ ፍሬም ነበር። ሌሊት ሌሊት ይቆማል፣ ኢንቨርተሩ በሙቀት ነው የሚጠፋው። ሪሴት ሲያደርጉት ይነሳል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ይቆማል። ሞተሩን ቀየሩ፣ አልዳነም። ኢንቨርተሩ ይቀየር ተባለ። እኔ ማታ ሽፍት ላይ ፓነሉን ከፈትኩት። የማቀዝቀዣው ፋን ይዞራል፣ ንፋስ ግን አይወጣም። ከኋላ ያለው የብረት ክንፍ በጥጥ ብናኝ ተደፍኗል፣ እንደ ብርድ ልብስ ነው የሆነው። አጥፍቼ፣ ቆልፌ፣ እስኪራገፍ ጠብቄ ጠረግኩት። ችግሩ በዚያው ቆመ፣ ኢንቨርተሩ ከዚያ ወዲያ አልጠፋም። ከዚያ ሁሉንም ማሽኖች በየሳምንቱ እሑድ እንድንጠርግ ፎርማኑ ፕሮግራም አወጣ።

ጋሽ_ፎርማን
ጎበዝ ልጅ። ሌላው ሰው አዲስ ዕቃ ሲጠይቅ አንተ መጥረጊያ ያዝክ።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
ይህን ነው የምፈልገው! ሲቪህ ላይ "ታታሪና ታማኝ ነኝ" ከሚለው ይልቅ ዋጋ ያለው ይህ ነው። በሁለት መስመር እንዲህ ይሆናል፦

"በሙቀት ምክንያት ደጋግሞ የሚቆም ኢንቨርተር፦ መንስኤው የተደፈነ ማቀዝቀዣ መሆኑን አገኘሁ፣ ያለ ዕቃ ቅያሪ አስተካከልኩ። ከዚያ በኋላ ሳምንታዊ የጽዳት ፕሮግራም ተጀመረ።"

ፕሮግራሙን ፎርማኑ ነው ያወጣው ስላልክ "አወጣሁ" አትበል። ሌላም አየሁ። "አጥፍቼ፣ ቆልፌ፣ እስኪራገፍ ጠብቄ" አልክ። እዚህ ኤሌክትሪሻን ከሚማራቸው አምስት የደህንነት ደንቦች የመጀመሪያዎቹ ማጥፋት፣ ዳግም እንዳይበራ መቆለፍና ኃይል አለመኖሩን መለካት ናቸው። "ከሥራ በፊት ቆልፎ መለካት" የምትል አንዲት መስመር ጨምር። የምትለካ ከሆነ ነው እንግዲህ።

ሽፍት_ቢ
እለካለሁ። ያለ መለኪያ እጄን አላስገባም።

አስራ አንዱን ሥልጠና ምን ላድርገው? ካይዘን፣ መሠረታዊ ኮምፒውተር፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የኤችአይቪ ግንዛቤ፣ የደንበኛ አገልግሎት...

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
ካይዘንን ያዝ። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ያ ቃል በየቀኑ ይነገራል፣ የሥራ ቦታ አደረጃጀት ታውቃለህ ማለት ነው። የመጀመሪያ ዕርዳታውም ይቆይ። ሌላውን ቁረጥ።

ቋንቋ ላይ "ጀርመንኛ ጥሩ" አትበል። ስንት ነው ደረጃህ?

ሽፍት_ቢ
ኤ2 ፈተና ለመፈተን አዲስ አበባ ጎተ ተመዝግቤያለሁ። ገና አልተፈተንኩም።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
"ኤ2፣ ፈተና የተያዘለት" ብለህ ወሩን ጻፍ። ከፍ አድርገህ ከጻፍክ በስልክ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይታወቃል።

አሁን ክፍተቱ። ከ10/2021 እስከ 07/2022 ምን ትሠራ ነበር?

ሽፍት_ቢ
መጀመሪያ ከኮምቦልቻ ሸሽተን ሌላ ቦታ ነበርን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ፋብሪካው ተዘርፎ ነበር፣ ሥራ የለም። ከዚያ እስከ ሰኔ የሰው ቤት መስመር ስዘረጋ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ስጠቀልል ነው የቆየሁት። ደረሰኝ የለው፣ ደብዳቤ የለው። ይህ ይጻፋል?

ጋሽ_ፎርማን
ይጻፋል እንጂ! ሞተር መጠቅለል ሙያ አይደለም እንዴ?

ካናዳ_ናፋቂ
እኔ ብሆን ጦርነት የሚል ቃል አላነሣም። ፖለቲካ ይመስላል፣ ይፈራሉ። "የግል ሥራ" ብለህ እለፈው።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
እኔ ደግሞ ግማሽ መስመር ይጻፍ ባይ ነኝ። "10/2021 – 12/2021፦ ፋብሪካው በጦርነት ምክንያት ቆመ።" ቀጥሎ "01/2022 – 06/2022፦ የግል ሥራ፣ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታና የሞተር ጥቅለላ።" ማን ምን አደረገ የሚል ነገር አይገባም። ምክንያቱ ካልተጻፈ ሰውየው ተባሮ ይሆናል ብለው ያስባሉ። ደብዳቤ የሌለው ሥራ መሆኑንም አትደብቅ፣ ሲጠይቁህ እንዲሁ ንገራቸው። ግን ካናዳ_ናፋቂ የሚለውም የሚያስኬድ ነው። በዚህ ላይ ልቡ የሚቀበለውን ያድርግ፣ ያሳለፈው እሱ ነው።

ሽፍት_ቢ
ትናንት ማታ አዲሱን ሠራሁት። ሁለት ገጽ ሞላ፣ ሁለተኛው ግማሽ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አሁን እንዲህ ይላል፦

"ከ07/2022 እስከ አሁን፣ የጥገና ኤሌክትሪሻን፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ኮምቦልቻ። የሁለት ማሸጊያ ማሽን ሴንሰርና ሚዛን ማስተካከልና መጠገን። የኮንቬየርና የወፍጮ ሞተሮች፣ ኢንቨርተርና ኮንታክተር ጥገና። በሲመንስ ኤስ7-300 ላይ ብልሽት መፈለግ፣ ሞጁል መቀየር። ከሥራ በፊት ቆልፎ መለካት።"

የኢንቨርተሩን ታሪክ ክር ፋብሪካው ሥር አስገባሁት። ፎቶውን ለጊዜው አውጥቻለሁ። ክፍተቱ ላይ ጦርነት የሚለውን ቃል ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩት። አሁን አለ። ፊርማዬንና "አረጋግጣለሁ" የሚለውን ቆረጥኩ።

ወሎዬዋ_በሽቱትጋርት
ፊርማው ቢኖርም ችግር የለውም። የቆዩ ሰዎች እዚህ ከታች ቦታና ቀን ጽፈው ይፈርማሉ። "አረጋግጣለሁ" የሚለው ብቻ ነው የማያስፈልገው። ማሸጊያ ማሽኖቹ ምን ዓይነት ናቸው? በደቂቃ ስንት ከረጢት፣ ስንት ኪሎ? እሱን ጨምር፣ አለቃዬ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ነው።

ሽፍት_ቢ
የ5 እና የ25 ኪሎ ናቸው። በደቂቃ ስንት እንደሆነ በልቤ አላውቀውም። ነገ ጠዋት ሽፍት ላይ ሰዓት ይዤ እቆጥረዋለሁ።

ጋሽ_ፎርማን
ደብዳቤውንስ ጠየቅህ?

ሽፍት_ቢ
ጠይቄያለሁ ጋሼ። "ሥራህን ዘርዝረህ ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ አይተን ማኅተም እናደርጋለን" አሉኝ። ከሲቪው ጋር አስተያይቼ ነው የምጽፈው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አደርገዋለሁ።